የሌላ እምነት ሰው ሲያዝን ምን ይባላል? ለወሎ ለቅሶ ደራሽ የተጻፈ መመሪያ

ወሎ ውስጥ ለቅሶ መድረስ የጉርብትና ጉዳይ ነው። የሰፈሩ የቀብርና የለቅሶ መረዳጃ የሆነው ቅሬው አንድ ነው፤ ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ዳስ ይጥላል፣ መቃብር ይቆፍራል። ስለዚህ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብሎ የሚያመነታ ሰው ብዙም አይገኝም። ችግር የሚመጣው ከደረሱ በኋላ አፍ ሲከፈት ነው፤ ከዚያም በላይ ሰው ርቆ ለቅሶውን በስልክ ጽሑፍ ሲደርስ ነው። ቤት ድረስ የመጣ ሰው ቃሉ ቢንሸራተት መምጣቱ ራሱ ይሸፍንለታል። ጽሑፍ ግን ፊት የለውም፤ ከቃሉ በቀር የሚመሰክርለት ነገር የለም።

ከዚህ በታች የምዘረዝረው በሙስሊምና በኦርቶዶክስ መካከል ያለውን በዋናነት ይዞ ነው። ስለ ጴንጤ ጎረቤትም በመሀል ጥቂት እላለሁ።

አስቀድሞ ግን ሁሉም ነገር የሚመዘንበትን ነገር ላስቀምጥ። የለቅሶ ቃል ሁለት ክፍል አለው፤ ለሟች የሚባልና ለቋሚ የሚባል። «ነፍስ ይማር» ለሟች ነው፤ «ያጽናችሁ» ለቋሚ ነው። ለቋሚው የሚባለው ከአንዱ እምነት ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል፤ ብርታት የማይፈልግ ሐዘንተኛ የለምና። ለሟች የሚባለው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን እምነት ይዞ ነው የሚመጣው፤ አደናቃፊው እሱ ነው። እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው፦ ለሟች የሚባለውን በሟቹ እምነት፣ ለቋሚ የሚባለውን በቋሚው እምነት። የራሴ እምነት በሁለቱም ውስጥ የለበትም፤ እኔ ሐዘንተኛ አይደለሁማ።

አንደኛ፦ መርዶው ደርሷል ወይ?

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። በእኛ አገር ሞት ለቅርብ ሰው በስልክ አይወረወርም። ልጅቱ ጅዳ ወይም አዲስ አበባ ካለች ዘመድ ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ ቤቷ ተሂዶ ትረዳለች። በሙስሊም ቤት ቀብሩ ከተቻለ በዕለቱ ስለሚፈጸም ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ፣ ቀብሮ ተመልሶ፣ ልጅቱ ግን ገና ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች። በዚህ መሀል «አላህ ይዘንላቸው» የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ቢያርፍ መርዶ ነጋሪው እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። በምንም ዓይነት የተዋበ ቃል ብትጽፉ፣ ይህ አይረሳም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐዘንተኛዋን ሳይሆን አንድ ጎረቤት ወይም የቅሬውን ዳኛ ደውላችሁ «ተረድታለች?» በሉ። ገና ከሆነ ዝም በሉ፤ በጋራ የመልእክት ቡድን ላይም አትለጥፉ።

ሁለተኛ፦ እምነቱን ከስም አትገምቱ

በሌላ አካባቢ ስም ይነግራል። በወሎ አያስተማምንም። የንጉሥ ሚካኤል የቀድሞ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ነው የተጠመቁት። በተራው ሰው ቤትም የአባት ስም ይማም ሆኖ ልጁ ቆራቢ የሆነበት፣ የአያት ስም ክርስቲያናዊ ሆኖ የልጅ ልጁ ሐጂ የሆነበት ሞልቷል። ጋብቻውም እንዲሁ ያቋርጣል።

«ሃይማኖታቸው ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለቅሶ መሀል ሻካራ ነው። የሚሻለው «ቀብሩ የት ነው? በስንት ሰዓት?» ማለት ነው። መልሱ ራሱ ይነግራችኋል። የቤተ ክርስቲያን ስም ከተጠራና ስለ ፍትሐት ከተነገራችሁ ኦርቶዶክስ ናቸው። «ከዙህር በኋላ ይሰገድባቸዋል» ከተባለ ሙስሊም ናቸው። «ከጸሎት ቤት ነው የሚወጡት» ከተባለ ወንጌላዊ አማኝ ናቸው። ጥያቄውም ለመምጣት ያሰበ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ማንንም አያስከፋም።

ሦስተኛ፦ ለሟች የሚባለው

ለሙስሊም ሟች ክርስቲያን ጎረቤት ሊለው የሚችለው ከሁሉ የቀለለ ቃል «አላህ ይዘንለት» ወይም «ይዘንላት» ነው፤ ለትልቅ ሰው «ይዘንላቸው»። የወሎ ክርስቲያን «አላህ» ለማለት አፉ አይተሳሰርም። ከሌላ አካባቢ መጥታችሁ ቃሉ ከአፋችሁ አልወጣ ካለ «ፈጣሪ ይዘንላቸው» በሉ፤ ምንም አይጎድልበትም። ሊባል የማይገባው «ማርያም» ወይም «መድኃኔዓለም» ነው፤ ለቋሚውም ቢሆን። «ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ ጎን ያኑራቸው» የሚለውም እንዲሁ ይቅር። ነቢያቱን ሙስሊሙም ያከብራቸዋል፤ ቃሉ ግን የፍትሐት ቤት ቃል ስለሆነ በሙስሊም ቤት ከቦታው የወጣ ይመስላል።

«ነፍስ ይማር»ስ? ብዙ የወሎ ሙስሊም አዛውንት «አሚን» ብለው ይቀበሉታል፤ ተቆጥቶ የሚነሳም አይገጥማችሁ ይሆናል። ያም ሆኖ የሚሰማው የክርስቲያን ቤት ቃል ሆኖ ነው። «ይዘንላቸው» ቅርብ እያለ እሱን ማምጣት ለእኔ ስንፍና ነው የሚመስለኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚለውን ስለመጻፍ ብዙ ሰው ይጠይቃል። የቁርኣን ቃል ነው፤ በሱረቱል በቀራህ 156ኛው አንቀጽ መከራ የደረሰባቸው አማኞች የሚሉት ሆኖ ተጠቅሷል። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣችሁ አድጋችሁ አፋችሁ የለመደው ከሆነ ማንም አይቀየማችሁም። ከሰው ገጽ ላይ ቀድታችሁ የምትለጥፉት ከሆነ ግን ተዉት፤ አንድ ፊደል ስትጎድል የሚበላሸው የቁርኣን አንቀጽ ነው። ሐዘንተኛዋ ራሷ ትበለው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው ሳያስበው የሚያመልጠው ሌላ ነው። በክርስቲያን ለቅሶ «ያለ ዕድሜዋ ተቀጨች»፣ «ምነው ሞት እንዲህ ጨከነ» ማለት የተለመደ ነው፤ ሙሾውም ይህንኑ ይላል። በእስልምና ግን የእያንዳንዱ ሰው አጀል የተቆረጠ ነው፤ ከቀኑ በፊትም በኋላም የሚሞት የለም። ስለዚህ «ያለ ጊዜያቸው» የሚለው ቃል ለአጥባቂ ሙስሊም ጆሮ በፈጣሪ ውሳኔ ላይ እንደማጉረምረም ነው የሚሰማው። ሐዘናችሁን ለመግለጽ ብላችሁ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን ሐሳብ ከራሱ ልብ ለማራቅ እየታገለ ነው። የሞተው ወጣት ሲሆን ቃሉ ወደ አፍ ስለሚሮጥ ያኔ በተለይ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን። ሙስሊም ሆናችሁ ለኦርቶዶክስ ለቅሶ ስትደርሱ «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል የሚያስጨንቃችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሙስሊም ላልሆነ ሟች ምሕረት መለመን እንደማይገባ ብዙ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ግን አልተከለከለም። ወሎ ውስጥ ቃሉን ሳይቸገር የሚለው ሙስሊም ብዙ ነው። የማትሉት ከሆናችሁ ግን እንደጎደላችሁ አትቁጠሩት፤ ለሟች ያለውን ቦታ በመልካም ሥራው ሙሉት። «ጋሼ ደግ ጎረቤት ነበሩ፤ የኛን ልጆች ከልጆቻቸው ለይተው አያውቁም» ብላችሁ ወደ ቋሚው ብትዞሩ፣ «ነፍስ ይማር» አለመባሉን ልብ የሚለው የለም። ክርስቲያን ወገኖቼም ሙስሊም ወዳጃችሁ ያንን ቃል ቢዘለው ንቀት አድርጋችሁ አትያዙት።

ለጴንጤ ሟች ነገሩ አጭር ነው። ለሞተ ሰው ነፍስ አይጸልዩም፤ ፍትሐትም ተዝካርም የላቸውም። ስለዚህ «ነፍስ ይማር» ማለት ያልተጠየቀ ጸሎት ይሆናል። እነሱ «ወደ ጌታ ሄደ» ይላሉ። እናንተ ስለ ሰውየው መልካምነት ተናግራችሁ «ጌታ ያጽናናችሁ» ብትሉ በቂ ነው።

አራተኛ፦ ለቋሚ የሚባለው

ለሙስሊም ሐዘንተኛ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ወይም «አላህ ያጽናችሁ»። ለኦርቶዶክስ «እግዜር ያጥናችሁ»፣ «መጽናናቱን ይስጣችሁ»። እምነቱ ካልታወቀ «ፈጣሪ ያበርታችሁ»። «አብሽሩ» የሚለው የወሎ ቃል በሁለቱም ቤት ይሠራል፤ ሆኖም ለእኩያና ለታናሽ ነው፤ ልጃቸውን ለቀበሩ ሽማግሌ ከመሬት ተነስታችሁ «አብሽሩ» አትበሏቸው።

አክብሮቱን ከቤተሰቡ አፍ ውሰዱ። ሐጅ አድርገው የተመለሱን እናት «ሐጅያ» እያለ ሰፈሩ ሲጠራቸው እናንተ «ወይዘሮ» ብትሉ ሩቅ ሰው ትመስላላችሁ። ቤተሰቡ «እማማ» ካለ እናንተም «እማማ» በሉ።

አምስተኛ፦ መልእክቱን መጻፍ

እናንተ ኮምቦልቻ የምትሠሩ ኦርቶዶክስ ናችሁ እንበል። የሥራ ባልደረባችሁ ሙስሊም ናት፤ እናቷ ወረባቦ፣ ቢስቲማ አርፈዋል። መረዳቷን አረጋግጣችኋል። ሰው በችኮላ የሚጽፈው እንዲህ ያለውን ነው፦

«ውድ እህቴ፣ የእናትሽን ድንገተኛ ኅልፈት ስሰማ የተሰማኝን ሐዘን በቃላት መግለጽ አልችልም። ያለ ጊዜያቸው ተለዩን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። የምረዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። ለአርባው እመጣለሁ።»

ክፋት የለውም፤ ግን አንድ በአንድ እንየው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ለማንም የሚላክ ነው፤ እናትየው የሉበትም። «ያለ ጊዜያቸው» ለምን እንደማይሆን ብለናል። ሦስተኛው ለሟች የሚባለውን በጸሐፊው እምነት ብሎታል፤ ለቋሚዋ ደግሞ አንድም ቃል አልተረፈም። «ንገሪኝ» የሚለው ሥራውን ወደ ሐዘንተኛዋ መልሶ ይጭናል። የመጨረሻው ግን ከሁሉም ይብሳል። አርባ በኦርቶዶክስ ቤት ከሰልስት፣ ከሰባት፣ ከሰማንያ፣ ከሙት ዓመት ጋር የሚቆጠር ዕለት ነው። በወሎ ሙስሊም ዘንድ በተወሰኑ ቀናት ሰደቃ የሚያወጣ ቤተሰብ አለ፤ ይህን ልማድ የማይቀበልም አለ። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ በአንድ ቤት ወንድማማቾች መካከል ነው። ያልተጠራችሁበትን አርባ ስትጠሩ በዚያ ክርክር ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ሰደቃ ካለ ይጠሯችኋል።

አሁን እንደገና፦

«እህቴ፣ የእማማን ነገር ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። አላህ ይዘንላቸው። ላንቺም፣ ለወንድሞችሽም ሶብሩን ይስጣችሁ። ባለፈው ክረምት ቤታችሁ ስመጣ ዝናቡ እስኪያባራ ብለው ጋቢያቸውን አልብሰው ያስቀመጡኝን አልረሳውም። ነገ ከሰዓት ቢስቲማ እመጣለሁ። መልስ አትጻፊልኝ፣ ዕረፊ።»

ለሟች አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ለቋሚ አንድ፣ ከዚያ ጋቢው። ጋቢው ለምን ገባ? ስለ ሟች መልካም መናገር በየትኛውም እምነት ስለማይከለከልና ከሌላ ሰው ሊገለበጥ ስለማይችል። እናትየውን በአካል የማታውቋቸው ከሆነ አትፍጠሩ፤ «ስለሳቸው ስታወሪ የምትስቂው ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል» ያህል እውነተኛ ነገር ፈልጉ፤ ካጣችሁም ቦታውን ባዶ ተዉት። የመስቀልና የሻማ ምስል ለሙስሊም አትለጥፉ፤ ለማንም ቢሆን ምስል ባይኖር ይመረጣል። እንዴት እንደሞቱም አትጠይቁ።

ይኸው መልእክት ለኦርቶዶክስ ባልደረባ ቢሆን የሚቀየረው ትንሽ ነው፦ «አላህ ይዘንላቸው» በሚለው ቦታ «ነፍሳቸውን ይማር»፣ በ«ሶብሩን» ቦታ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»። ጋቢው እንዳለ ይቆያል።

ስድስተኛ፦ ቤት ስትደርሱ

አጥሩ ጋ ቆም ብላችሁ አዳምጡ። ለክርስቲያን ለቅሶ ከደጅ ጀምሮ ድምፅ አውጥቶ እያለቀሱ መግባት ወግ ነው። በሙስሊም ቤት እንባ አይከለከልም፤ ጮኾ ማልቀስና ደረት መምታት ግን በሃይማኖቱ የተነቀፈ ነው፤ አንዳንዱ ቤት አጥብቆ ይይዘዋል። ግቢው ጸጥ ካለ እናንተም በጸጥታ ግቡ።

ለሴት ሐዘንተኛ ወንድ ከሆናችሁ እጅ አትዘርጉ፤ እሷ ከዘረጋች ጨብጡ። ያለበለዚያ እጅ ደረት ላይ አድርጎ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ቃሉን አንድ ጊዜ በሉና ተቀመጡ። ቃሉ በየመሀሉ አይደጋገምም፤ ሁለተኛው ተነስታችሁ ስትወጡ ነው፤ ያኔ ለሁሉም በአንድነት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ በክርስቲያን ቤት ከሆነ «እግዜር ያጥናችሁ»። በመሀል ዝምታ ቢረዝም በወሬ ለመሙላት አትጣደፉ።

ዱዓ ሲደረግ ሰዉ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ክርስቲያኑ አብሮ «አሚን» ቢል በወሎ የተለመደ ነው፤ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም። እንዲሁም ሙስሊም ሆናችሁ ክርስቲያን ሬሳ ስትሸኙ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ብትቆዩ የሚታዘባችሁ የለም፤ ቃላችሁን ከቀብር መልስ ዳሱ ሥር ትሉታላችሁ።

የያዛችሁትን ነገር ምንነት ተናገሩ። የእርዱ ነገር እንዳለ ስለሚታወቅ ሥጋ ያለበትን ወጥ ይዞ መሄድ አይሆንም፤ ሐዘንተኛው «ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስገደድም አይገባም። «ቡናና ስኳር ነው» ብላችሁ ለጓዳ ሰው ስጡ፤ አለቀ።

ቃላችሁ ከቦታው መውጣቱን እንዴት ታውቃላችሁ? «አሚን» መምጣት ባለበት ቦታ አይመጣም፤ ወይም አንድ ሽማግሌ በለሆሳስ «አላህ ያውቃል» ብለው ያልፉታል። ያኔ ማብራሪያ አትጀምሩ፤ ይቅርታውም ለሐዘንተኛው ሌላ ሥራ ነው። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉና ዝም በሉ።

ሰባተኛ፦ ቤቱ ሁለት እምነት ሲሆን

አባት ሙስሊም ሆነው ያርፋሉ፤ አንዷ ልጅ ክርስቲያን አግብታ ቆራቢ ናት፣ ወንድሟ የመስጊድ ሰው ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ ያስቀመጥነው አካሄድ በደንብ ይሠራል። ለልጅቱ «አላህ ይዘንላቸው፤ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ»፤ ለወንድሟ «አላህ ይዘንላቸው፤ ሶብሩን ይስጥህ»። ሟቹ አንድ ናቸውና ለሳቸው የሚባለው አይለወጥም። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተቀመጡ «አላህ ይዘንላቸው፤ ፈጣሪ ሁላችሁንም ያበርታችሁ» ብላችሁ ተቀመጡ። «አላህም እግዚአብሔርም» እያሉ ሁለቱን መደርደር ግን ቤተሰቡ ራሱ ተሸክሞት የኖረውን ልዩነት በሐዘኑ ቀን አደባባይ ማውጣት ነው።

ዘግይታችሁ ከሰማችሁ

በኦርቶዶክስ ቤት መዘግየት መውጫ አለው፤ ለአርባው ወይም ለሰማንያው መድረስ ይቻላል። ተዝካር ላይ የሚባለው ያው «ነፍስ ይማር» ነው፤ «እንኳን አደረሳችሁ» አይባልም። በእስልምና ተዕዚያ በመሠረቱ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐዘኑን መቀስቀስ አይወደድም፤ ሩቅ የነበረና ያልሰማ ሰው ግን ሲሰማ ይደርሳል። ስለዚህ «ሳልሰማ ቀርቼ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው» ብላችሁ አጭር አድርጉት፤ ስለ አሟሟቱ እንደ አዲስ አታስተርኩ። ሟቹ ባል ከሆነ ሚስቲቱ፣ እርጉዝ ካልሆነች፣ ለአራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ በሚባለው የባል ሐዘን መጠበቂያ ጊዜ ላይ ናት፤ «ውጪ፣ ንፋስ ይምታሽ፤ ሥራ ጀምሪ» አትበሏት። «ከገበያ የምትፈልጊውን ሐሙስ አመጣለሁ» ብሎ ቀን ቆርጦ መንገርና ሐሙስ ማምጣት ይሻላል።